የጣሪያ ማራገቢያ መወዛወዝ

የጣሪያ ማራገቢያ መወዛወዝ ማለት ከጣሪያ ላይ ተንጠልጥሎ የሚሽከረከር ማራገቢያ (በተለምዶ ፋን ወይም ቬንትሌተር የሚባለው) በሚዞርበት ጊዜ ባለበት ቦታ ረግቶ መዞሩን ትቶ ወደ ጎን ሲያጋድልና ሲንገዳገድ የሚታይ ብልሽት ነው። ብዙ ጊዜ ቀጭ ቀጭ ከሚል ድምፅ ጋር አብሮ ይመጣል። ዋና መንስኤዎቹ አራት ናቸው፦ የላላ ማንጠልጠያ፣ የላሉ የክንፍ ብሎኖች፣ የተጣመመ የክንፍ መያዣ ብረት እና የክንፎች የክብደት ልዩነት ናቸው። ሚዛን ማስተካከያ ክብደት መለጠፍ የሚጠቅመው ለመጨረሻው ብቻ ነው። ሦስቱ ሳይመረመሩ ክብደት ከተለጠፈ መወዛወዙ ሊቀንስ ቢችልም ብልሽቱ ተደብቆ ይቀጥላል።

ይህ ጽሑፍ በዋናነት የሚመለከተው እንደ ድሬዳዋ፣ ጋምቤላና ሰመራ ባሉ ሞቃት ከተሞች በብዛት የሚታየውን ባለ ሦስት ብረት ክንፍ ማራገቢያ ነው። ባለ አምስት ክንፉ ዓይነት የሚለይበት ነጥብ ወደ መጨረሻው ተገልጿል።

## የማራገቢያው ክፍሎች

ማራገቢያው የሚንጠለጠለው በጣሪያው ውስጥ ከተቀበረ የብረት ቀለበት ወይም ሜንጦ ላይ ነው። ከቀለበቱ ጋር የሚገናኘው በጎማ በተሸፈነ ብሎን ሲሆን፣ ከዚያ በታች ማንጠልጠያ ዘንግ የሚባለው ባዶ የብረት ቱቦ አለ። የኤሌክትሪክ ሽቦው በዚህ ቱቦ ውስጥ ያልፋል። በቱቦው ጫፎች ላይ ያሉት ሁለት ቆቦች ማያያዣዎቹን ይሸፍናሉ። ቱቦው ከታች ከሞተሩ ማዕከላዊ ዘንግ ጋር በብሎንና እግሩ ተከፍሎ በሚታጠፍ ፒን ይያያዛል።

በዚህ ዓይነት ማራገቢያ የሞተሩ መካከለኛ ዘንግ አይዞርም፤ የሚዞረው የሞተሩ የውጭ አካል ነው። እያንዳንዱ ክንፍ በመያዣ ብረት አማካይነት በዚህ በሚዞረው አካል ላይ አብዛኛውን ጊዜ በሁለት ብሎን ይታሰራል። የመያዣ ብረቱ ቀጭን ክፍል አንገት ይባላል። ክንፉ ሲጎተት ወይም ሲገፋ መጀመሪያ የሚታጠፈው ይህ አንገት ነው።

## ለምን ይወዛወዛል

ማንኛውም የሚዞር አካል ከመሐል ወደ ውጭ ለመውጣት ይታገላል። 400 ግራም የሚመዝን ክንፍ የክብደቱ ማዕከል ከመሐሉ 35 ሳንቲሜትር ርቆ በደቂቃ 350 ዙር ቢዞር፣ ብሎኖቹን ወደ ውጭ የሚጎትትበት ኃይል 19 ኪሎ ግራም ከሚመዝን ዕቃ ክብደት ጋር የተስተካከለ ነው። ሦስቱ ክንፎች እኩል ከሆኑና በመካከላቸው ያለው ርቀት እኩል ከሆነ ሦስቱ ጉተታዎች እርስ በርስ ይጣፋሉ፤ ማንጠልጠያው የሚሸከመው የማራገቢያውን የራሱን ክብደት ብቻ ይሆናል።

አንዱ ክንፍ ትንሽ ከከበደ ግን ጉተታዎቹ ሙሉ በሙሉ አይጣፉም። በአንድ ክንፍ ላይ ከመሐሉ 50 ሳንቲሜትር ርቆ የተቀመጠ 5 ግራም ትርፍ ክብደት፣ በተመሳሳይ ፍጥነት ማራገቢያውን ወደ ጎን የሚስበው 340 ግራም ያህል በሚመዝን ኃይል ነው። የኃይሉ አቅጣጫም ከክንፉ ጋር እየዞረ በሰከንድ ወደ ስድስት ጊዜ ያህል ይለዋወጣል። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል። በዝቅተኛ ፍጥነት ረግቶ የሚዞር ማራገቢያ በከፍተኛ ፍጥነት ላይ መንገዳገድ የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ክብደታቸው እኩል የሆኑ ክንፎችም ማራገቢያውን ሊያወዛውዙ ይችላሉ። አንዱ ክንፍ ከሌሎቹ ዝቅ ካለ ወይም አየሩን የሚቀዝፍበት ማዕዘን ከተለየ፣ የሚገፋው አየር መጠን ይለያያል። አየሩም ያንን ክንፍ መልሶ የሚገፋበት ኃይል ስለሚለይ ሞተሩ ያጋድላል። ይህም ኃይል ከፍጥነት ጋር ስለሚጨምር የፍጥነት መቆጣጠሪያውን ከፍና ዝቅ በማድረግ ብቻ የክብደት ልዩነትን ከተጣመመ ብረት መለየት አይቻልም። የሚለየው በመለካት ነው።

ማራገቢያው ሲነሳና ሊቆም ሲል ለአፍታ መወዛወዙ ብልሽት አይደለም። ዘንጉ የተንጠለጠለው ጥቂት እንዲወዛወዝ ተደርጎ ስለሆነ በዝቅተኛ ዙር ላይ እንደ ተንጠለጠለ ዕቃ ይወዛወዛል። ፍጥነቱ ከተረጋጋ በኋላም ካላቆመ ግን መንስኤው መፈለግ አለበት።

## ቀጭ ቀጭ የሚለው ድምፅ

ድምፁ የብልሽቱን ቦታ ይጠቁማል። ለማወቅ አንዱን ክንፍ ባለቀለም ወረቀት ለጥፎ ምልክት ማድረግና ማራገቢያው በዝቅተኛ ፍጥነት ሲዞር፣ ወይም ተጠፍቶ ወደ መቆም ሲቃረብ፣ በአንድ ዙር ስንት ጊዜ ድምፅ እንደሚሰማ መቁጠር ይቻላል።

በአንድ ዙር አንድ ጊዜ የሚሰማ ድምፅ አብዛኛውን ጊዜ የላላ የክንፍ ብሎን ወይም የላላ ማንጠልጠያ ምልክት ነው። ማራገቢያው ወደ አንድ ጎን ባጋደለ ቁጥር የላላው ብረት ከመቀመጫው ትንሽ ተነሥቶ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ቀጭ የሚለው ያን ጊዜ ነው። መወዛወዙና ድምፁ እርስ በርስ የሚመጋገቡትም በዚሁ ነው፤ መወዛወዙ ብሎኑን ያላላል፣ የላላው ብሎን ደግሞ መወዛወዙን ያባብሳል።

በአንድ ዙር ሦስት ጊዜ የሚሰማ ድምፅ ሦስቱም ክንፎች ወይም የሦስቱም ብሎኖች በየተራ የሚነኩት የማይንቀሳቀስ ነገር እንዳለ ያሳያል፤ ለምሳሌ የወረደ ሽቦ። የማያቋርጥ የመፋቅ ድምፅ ከሆነ የታችኛው ቆብ ተንሸራትቶ የሚዞረውን የሞተር አካል እየነካ ሊሆን ይችላል። ቆቡን ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ አድርጎ ብሎኑን ማጥበቅ ይበቃል።

እየጮኸ የሚያጉረመርም ድምፅ ከሞተሩ ውስጥ፣ ማለትም ከኩሽኔታው፣ ሊመጣ ይችላል። ይህን ለመለየት ክንፎቹ ሁሉ ወልቀው ሞተሩ ብቻውን ለአጭር ጊዜ ይዞራል። ድምፁ ከቀጠለ ችግሩ ከክንፎቹ ስላልሆነ ሞተሩ ለባለሙያ ይሰጣል።

## የምርመራ ቅደም ተከተል

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ኤሌክትሪኩ ከብሬከሩ ይጠፋል። የግድግዳው መቆጣጠሪያ መጥፋቱ ብቻ አይበቃም፤ ሌላ ሰው ሊያበራው ይችላል፣ ማብሪያውም በስህተት በኒውትራሉ መስመር ላይ ከተገጠመ ሽቦው ቢጠፋም ኤሌክትሪክ ይኖረዋል። ክንፎቹ ሙሉ በሙሉ እስኪቆሙ ይጠበቃል፤ መሰላሉም የማይንሸራተት መሆን አለበት።

### 1. ማንጠልጠያው

ከሁሉ በፊት የሚታየው ማንጠልጠያው ነው፤ የሚወዛወዝ ማራገቢያ ሊወድቅ የሚችለው ከዚህ ላይ ነውና። የላይኛው ቆብ ዝቅ ተደርጎ ዘንጉ በእጅ ወደ ላይና ወደ ጎን ይነቀነቃል። በጎማው ላይ በቀስታ መወዛወዙ ተፈጥሯዊ ነው። ቀለበቱ ራሱ ከጣሪያው ጋር ከተንቀሳቀሰ፣ ዙሪያው ያለው ሲሚንቶ ከተሰነጠቀ፣ ወይም ዘንጉ ወደ ላይና ወደ ታች ከተጫወተ ግን ተፈጥሯዊ አይደለም።

ቀጥሎ የጎማው ሁኔታ፣ የብሎኑ ዳዶና ፒኑ ይታያሉ። ጎማው ተበልቶ ብረት ከብረት ከተገናኘ ድምፅ ያሰማል፤ ብሎኑንም እየበላው ይሄዳል። ፒኑ ከሌለ ዳዶው በንዝረት ሊወልቅ ስለሚችል በሽቦ መተካት አይበቃም፤ ልኩ የሆነ ፒን ገብቶ እግሮቹ መታጠፍ አለባቸው። ዘንጉ ከሞተሩ ጋር የሚያያዝበት የታችኛው ማያያዣም በተመሳሳይ መንገድ ይፈተሻል። በዚሁ አጋጣሚ ሽቦው የተላጠ መሆን አለመሆኑ ይታያል፤ ለረጅም ጊዜ የተወዛወዘ ዘንግ በጫፉ ላይ የሽቦውን ሽፋን ሊቆርጠው ይችላል።

ጣሪያቸው ቆርቆሮ ሆኖ ከሥሩ ኮርኒስ ባላቸው ቤቶች ውስጥ ማራገቢያው ከኮርኒሱ ላይ መታሰር የለበትም። ኮርኒሱ የሚሸከመው ራሱን ብቻ ነው። ማንጠልጠያው ከኮርኒሱ በላይ ካለው ጠንካራ የጣሪያ እንጨት ጋር፣ ወይም በሁለት እንጨቶች መካከል በተጋደመ ብረት ላይ መታሰር ይኖርበታል። ማራገቢያው ሲዞር ኮርኒሱ አብሮ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ አሠራሩ መመርመር አለበት።

### 2. የክንፍ ብሎኖች

ክንፎቹ በመጀመሪያ በእርጥብ ጨርቅ ይጠረጋሉ፤ በላይኛው ፊታቸው ላይ የሚከማቸው አቧራ በሦስቱም ላይ እኩል ስለማይሆን ብቻውን ሚዛን ሊያዛባ ይችላል። በሚጠረግበት ጊዜ ክንፉ ከሥር በሌላው እጅ ይደገፋል። ብዙ የመያዣ ብረቶች የሚጣመሙት በጽዳት ጊዜ ክንፉ ወደ ታች ሲጫን ነው።

ከዚያ ክንፉን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙት ብሎኖች ሁሉ በካቻቪቴ ይፈተሻሉ። ክንፉን በብረቱ ላይ የሚይዙ ብሎኖች ካሉ እነሱም ይታያሉ። አንዱን ብሎን እስከ መጨረሻው አጥብቆ ወደ ሌላው ከመሄድ ይልቅ ሁለቱን በየተራ ትንሽ በትንሽ ማጥበቅ ብረቱ በመቀመጫው ላይ ተስተካክሎ እንዲያርፍ ያደርጋል። ከመጠን በላይ ማጥበቅ ደግሞ የቀዳዳውን ጥርስ ይበላዋል። ብሎኑ ያለማቋረጥ የሚሽከረከርና የማይይዝ ከሆነ ጥርሱ ተበልቷል ማለት ነው፤ ማራገቢያው እስኪጠገን መሥራት የለበትም። በሥሩ ስፕሪንግ ሮንዴላ የነበረው ብሎን ያለ እርሱ ከተገጠመ በንዝረት ተመልሶ ይላላል።

### 3. የክንፎች ከፍታና ርቀት

ለመለካት ሜትርና አንድ ቋሚ ቦታ ያስፈልጋል። ሜትሩ ከጣሪያው አንድ ነጥብ ላይ ወደ ታች ተይዞ የአንዱ ክንፍ ጫፍ ከዚያ ሥር ይመጣል፤ በጣሪያውና በክንፉ ጠርዝ መካከል ያለው ርቀትም ይመዘገባል። ከዚያ ማራገቢያው በእጅ ቀስ ተደርጎ ይዞርና ሁለተኛው፣ ቀጥሎም ሦስተኛው ክንፍ በዚያው ነጥብ ሥር ይለካል። ሜትሩ ከቦታው አለመንቀሳቀሱ ወሳኝ ነው። ጣሪያ ሁሉ ቦታ እኩል ስላልሆነ በየክንፉ ቦታ እየተዘዋወሩ መለካት የሌለ ልዩነት ያሳያል። በሦስቱ መካከል ያለው ልዩነት ከ3 ሚሊሜትር ያልበለጠ ከሆነ ጥሩ ነው።

ቀጥሎ ከአንዱ ክንፍ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ያለው ርቀት ይለካል። ስፋቱ ጫፍ ለጫፍ 120 ሳንቲሜትር በሆነ ባለ ሦስት ክንፍ ማራገቢያ ሦስቱም ርቀቶች ወደ 104 ሳንቲሜትር መሆን አለባቸው። ከሦስቱ አንዱ ከተለየ ብሎኖቹ ጥቂት ላልተው፣ ክንፉ ቀዳዳው በሚፈቅደው መጠን ወደ ቦታው ተገፍቶ እንደገና ይጠብቃል።

ዝቅ ያለ ክንፍ ሲገኝ ብረቱ ከመነካቱ በፊት አንድ ቀላል ፈተና አለ። ዝቅ ያለው ክንፍ ከሌላ ክንፍ ጋር ቦታ ተቀያይሮ ይታሰርና እንደገና ይለካል። ዝቅታው ከክንፉ ጋር ከሄደ የተጣመመው የዚያ ክንፍ ብረት ነው። ዝቅታው በቀድሞው ቦታ ከቀረ ግን ክንፉ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱ በሞተሩ የመቀመጫ ፊት ላይ፣ ወይም በመቀመጫው ላይ በቀረ ቆሻሻ ላይ ነው።

የተጣመመ ብረት የሚቃናው ወልቆ ነው። በሞተሩ ላይ እንዳለ መግፋት ኩሽኔታውንና ዘንጉን ይጎዳል። የወለቀው ክንፍ ከጤነኛው ጎን በደልዳላ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ልዩነቱ ይታያል፤ ከዚያ አንገቱ በጥቂት በጥቂቱ ይቃናል። ከላሜራ የተሠራ ብረት አንድ ጊዜ ትንሽ መቃናትን ይችላል። አንገቱ ላይ ስንጥቅ ከታየ፣ ወይም ብረቱ ቀደም ሲል ተቃንቶ ከነበረ መቀየር አለበት። ቀልጦ በቅርጽ የተፈሰሰ ብረት ሲታጠፍ ስለሚሰበር ጨርሶ አይቃናም።

### 4. ክብደት

ክንፎቹ ጠብቀው፣ ከፍታቸውና ርቀታቸው ተስተካክሎ መወዛወዙ ከቀጠለ ብቻ ወደ ክብደት ይታለፋል። አንድ ትንሽ መቆንጠጫ በአንዱ ክንፍ የኋላ ጠርዝ መካከል ላይ ተሰክቶ ማራገቢያው ይነሳና ይታያል። ከዚያ ጠፍቶ መቆንጠጫው ወደ ሁለተኛው፣ ቀጥሎ ወደ ሦስተኛው ክንፍ ይዛወራል። የማራገቢያው ፍጥነት በሦስቱም ሙከራ አንድ መሆን አለበት። መወዛወዙ በጣም የቀነሰበት ክንፍ የቀለለው ክንፍ ነው። በሁለት ክንፎች ላይ እኩል ከቀነሰ ክብደቱ ለሁለቱ ይከፈላል።

የቀለለው ክንፍ ከታወቀ በኋላ መቆንጠጫው በዚያው ክንፍ ላይ ወደ ውስጥና ወደ ጫፍ እየተንቀሳቀሰ የተሻለው ቦታ ይፈለጋል። ክብደት ከመሐሉ በራቀ ቁጥር ኃይሉ ይጨምራል፤ በ55 ሳንቲሜትር ላይ ያለ 3 ግራም በ30 ሳንቲሜትር ላይ ካለ 5.5 ግራም ጋር እኩል ይሠራል። በመጨረሻም ቋሚው ክብደት በክንፉ የላይኛው ፊት፣ በስፋቱ መካከል ላይ ይለጠፋል። የሚለጠፍበት ቦታ ከአቧራና ከቅባት መጽዳት አለበት፤ በደንብ ያልተጣበቀ ብረት በፍጥነት ተወርውሮ ሰው ሊጎዳ ይችላል። መቆንጠጫው ለመለኪያ ብቻ ስለሆነ በክንፉ ላይ አይተውም።

## ምሳሌ

ስፋቱ 120 ሳንቲሜትር የሆነ ባለ ሦስት ክንፍ ማራገቢያ በከፍተኛ ፍጥነት ይወዛወዛል፤ በአንድ ዙር አንድ ጊዜም ቀጭ ይላል እንበል። ማንጠልጠያው ሲፈተሽ ጠንካራ ነው። ብሎኖቹ ሲታዩ ከ3ኛው ክንፍ ብሎኖች አንዱ ላልቷል። ከጠበቀ በኋላ ድምፁ ይጠፋል፤ መወዛወዙ ግን ይቀጥላል።

በአንድ ነጥብ ሥር ሲለካ 1ኛው ክንፍ ከጣሪያው 31.2፣ 2ኛው 31.3፣ 3ኛው ደግሞ 32.6 ሳንቲሜትር ይርቃል። 3ኛው ክንፍ ከሌሎቹ 13 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ ብሏል። 1ኛውና 3ኛው ቦታ ሲቀያየሩ ዝቅታው ከ3ኛው ክንፍ ጋር ይሄዳል፤ ስለዚህ የተጣመመው የእርሱ ብረት ነው። ከአንገቱ እስከ ጫፉ ያለው ርዝመት ግማሽ ሜትር ያህል በመሆኑ፣ 13 ሚሊሜትር ዝቅታ ማለት አንገቱ ላይ የአንድ ዲግሪ ተኩል ብቻ መታጠፍ ማለት ነው። ይህን ዓይን አይለየውም፤ ሜትር ግን ወዲያው ያሳየዋል።

ብረቱ በጠረጴዛ ላይ ተቃንቶ ክንፉ ሲመለስ ልኩ 31.4 ሳንቲሜትር ይሆናል፤ አብዛኛው መወዛወዝም ይጠፋል። በቀረው ላይ መቆንጠጫ ሲሞከር በ1ኛውና በ3ኛው ክንፍ ላይ ይብሳል፣ በ2ኛው ላይ ይሻላል። በ2ኛው ክንፍ ላይ 3 ግራም ከመሐሉ 45 ሳንቲሜትር ርቆ ሲለጠፍ ማራገቢያው ረግቶ ይዞራል።

መጀመሪያውኑ ወደ ክብደት ቢታለፍ ኖሮ በተጣመመው ክንፍ ምክንያት የመጣው መወዛወዝ በብዙ ግራም ሊሸፈን ይችል ነበር። የላላው ብሎን ግን እንደላላ ይቀር ነበር፤ መወዛወዙ በመቀነሱም ድምፁ ደብዝዞ ማንም ሳያስተውለው ይቆያል።

## ባለ አምስት ክንፍ ማራገቢያ

በአሜሪካ ቤቶች ውስጥ የተለመደው ከእንጨት ወይም ከተጨመቀ የእንጨት ዱቄት የተሠሩ አምስት ክንፎች ያሉት ማራገቢያ የሚመረመረው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው፤ ሆኖም ሦስት ልዩነቶች አሉት። አንደኛ፣ ዘንጉ በላይኛው ጫፉ ላይ ኳስ አለው። በኳሱ ላይ ያለው ስንጥቅ በመቀመጫው ጥርስ ላይ ካልገባ ማራገቢያው ያለ መቆለፊያ ይንቀሳቀሳል፤ ይህ በአዲስ ገጠማ ላይ የሚታይ ስህተት ነው። ሁለተኛ፣ ክንፎቹ እርጥበት ሲነካቸው ስለሚለምጡ ለቤት ውስጥ የተሠራ ማራገቢያ በረንዳ ላይ ሲሰቀል ጫፎቹ ይወርዳሉ። ይህን መያዣ ብረቱን በማቃናት ማስተካከል አይቻልም። ሦስተኛ፣ በዚያ አገር የኤሌክትሪክ ደንብ ማራገቢያ የሚሸከም የጣሪያ ሳጥን ለዚሁ ተብሎ የተመሰከረለት መሆን አለበት። ለአምፖል ብቻ በተሠራ ሳጥን ላይ የተሰቀለ ማራገቢያ ክንፎቹ ምንም ያህል ቢስተካከሉ መወዛወዙን አይተውም፤ የመውደቅ አደጋም አለው።

## ክንፍ ሲቀየር

አምራቾች የአንድ ማራገቢያ ክንፎችን በክብደት አመሳስለው በአንድነት ያሽጋሉ። ስለዚህ ከሌላ ማራገቢያ የተወሰደ አንድ ክንፍ፣ ቅርጹ ተመሳሳይ ቢሆንም፣ ሚዛኑን ሊያዛባ ይችላል። አንዱ ክንፍ ከተሰበረ ሙሉውን መቀየር የተሻለ ነው። ይህ ካልተቻለ አሮጌዎቹና አዲሱ በወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ተመዝነው ልዩነታቸው ይታወቃል። ለዕድሳት ወይም ለቀለም ሲወልቁም እያንዳንዱ ክንፍና ቦታው በቁጥር ምልክት ይደረግባቸዋል፤ በቀለም ቅብ ውፍረት የሚመጣ ልዩነት እንኳ በጫፍ አካባቢ ጥቂት ግራም ሊሆን ይችላልና።